አንዲት ዜሮ፦ ከጅዳ ወደ ደምበጫ ለሚደወል ስልክ

ዘመድ ወደ ውጭ አገር ሲሸኝ ቤተሰብ ስለ ሻንጣውና ስለ ስንቁ ይጨነቃል። በሥራ ውሉ ወይም በጉዞው ቅጽ ላይ «ችግር ቢያጋጥም የሚጠራ ሰው ስልክ» የሚለው መስመር ግን አገር ቤት እንደለመድነው ተሞልቶ ይታለፋል። በዚህ ጽሑፋችን የምናነሳው በዚያች መስመር ላይ ስለምትጻፍ አንዲት ዜሮ ነው።

አንዲት እህታችን ከደምበጫ ተነስታ ለቤት ሠራተኛነት ጅዳ ገባች እንበል። በቅጹ ላይ ያስጻፈችው የአጎቷን ሱቅ መደበኛ ስልክ ነው። ቁጥሩም እንደ ማንኛውም የአካባቢያችን መደበኛ ስልክ በ058 ይጀምራል፤ በዜሮው ሲቆጠርም አሥር አኃዝ ነው። ከወራት በኋላ እህታችን ታማ ሆስፒታል ገባች። ነርሷ ቅጹን አይታ ቁጥሩን እንዳለ ደወለች። ስልኩም ጠራ!

ያነሳው ግን አጎትየው አይደለም። በሳዑዲ ዓረቢያ የሞባይል ቁጥሮች በ05 ይጀምራሉ፤ 058ም ከእነርሱ አንዱ ነው፤ ርዝመታቸውም አሥር አኃዝ ነው። ስለዚህ የደምበጫው ሱቅ ቁጥር እዚያ ሲደወል የአንድ የማይታወቅ ሳዑዲ ሞባይል ሊሆን ይችላል። ሰውየው «ተሳስተሻል» ብሎ ይዘጋል፤ ነርሷም ቤተሰቡ የተሳሳተ ቁጥር እንደሰጠ ትቆጥራለች። ደምበጫ ላይ ያለው ቤተሰብ ደግሞ የሆነውን ሁሉ አያውቅም። የተጻፈው በ09 የሚጀምር ሞባይል ቢሆን ኖሮ፣ እዚያ አገር በ09 የሚጀምር ሞባይል ስለሌለ፣ ጥሪው ከአጎትየው አይደርስም ነበር።

ምክንያቱ ምንድን ነው? መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ የቁጥሩ አካል አይደለችም። ለስልክ መሥመሩ «የሚከተለው በዚሁ አገር ውስጥ ያለ ቁጥር ነው» ብላ የምትናገር ምልክት ናት። ደምበጫ ላይ ስትደወል «በኢትዮጵያ ውስጥ» ማለት ነው፤ ጅዳ ላይ ስትደወል ግን «በሳዑዲ ውስጥ» ማለት ይሆናል። ስለሆነም ለውጭ አገር ሰው ቁጥር ስንሰጥ ዜሮዋን አውጥተን በቦታዋ የአገራችንን መለያ 251ን፣ ከፊቱም የመደመር ምልክት እናስቀምጣለን። በ x ቦታ የየራስን አኃዝ ያስገቡ፦

```
058xxxxxxx  ->  +25158xxxxxxx
09xxxxxxxx  ->  +2519xxxxxxxx
07xxxxxxxx  ->  +2517xxxxxxxx
```

የመደመር ምልክቷ «ከአገር ውጣ» ማለት ናት። ከሳዑዲ ለመውጣት የሚደወለው 00 ነው፤ ከአሜሪካ ግን 011 ነው። 00251 ብለን ብንጽፍ ለጅዳው ይሠራል፤ ለአሜሪካው ግን አይሠራም። በሞባይል ላይ የ+ ምልክት ከተጻፈ ግን ኔትወርኩ ራሱ የአገሩን መውጫ ይተካል።

በብዛት የሚታየው ስህተት ዜሮዋን ሳያወጡ +251 መጨመር ነው፤ ይኸውም +25109 ወይም +251058 ብሎ መጻፍ። ይህንን ለመለየት ከ251 ቀጥሎ ያለውን መቁጠር ይበቃል። ዘጠኝ አኃዝ ከሆነ ትክክል ነው፤ አሥር ከሆነ ዜሮዋ አልወጣችም ማለት ነው። በቅጹ ላይ +251 አስቀድሞ ታትሞ ከሆነ ደግሞ ዘጠኙን አኃዝ ብቻ እንጽፋለን።

ይኸው ጉዳይ በሞባይላችን ውስጥ በምንመዘግባቸው ስሞች ላይም ይነሳል። እህታችን ጅዳ ደርሳ ዋትስአፕን በሳዑዲ ቁጥር ብትከፍት፣ በ09 የተመዘገበውን የእናቷን ቁጥር የሳዑዲ ቁጥር አድርጎ ይፈልገዋል፤ እናቷም ከዝርዝሩ ውስጥ አትገኝም። እናቷ ስልኳን የዘጋች ይመስላታል። ከመሄዷ በፊት የቤተሰቡን ቁጥሮች ሁሉ በ+251 ብትመዘግባቸው ግን፣ በደምበጫም በጅዳም ያለ ለውጥ ይሠሩላታል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ዜሮን የማውጣቱ ደንብ ለሁሉም አገር አይሆንም። በጣሊያን መደበኛ ስልኮች ላይ ዜሮዋ የቁጥሩ አካል ስለሆነች አትወጣም። ሮም ያለ ዘመድ የቤት ስልኩን በ+3906 ጀምሮ ቢልክልዎ፣ ተሳስቷል ብለው ዜሮዋን እንዳይሰርዙበት።

እንግዲህ ከቤታችሁ መንገደኛ ካለ ቅጹ ከመሰጠቱ በፊት አብራችሁ ተቀምጣችሁ ከ251 በኋላ ያሉትን አኃዞች ቁጠሩ። ቀድሞ የሄደ ዘመድ ካለም ቁጥሩን ልካችሁለት ከዚያው እንዲደውል አድርጉ። ደምበጫ ላይ ስልኩ ከጠራ ቁጥሩ በትክክል ተጽፏል ማለት ነው።