ባሕር የማይደርስ ወንዝ፦ ስለ ውኃ ዑደት ለአራተኛ ክፍል የሚዘጋጅ የአኒሜሽን ፊልም ጽሑፍ

ስለ ውኃ ዑደት የሚያስረዱ አጫጭር የአኒሜሽን ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። በአንድ በኩል ሰማያዊ ባሕር፣ በሌላው በኩል በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከላይ የምትስቅ ፀሐይ ይታያሉ። ውኃው ከባሕር ይነሣል፤ በተራራው ላይ ይዘንባል፤ በወንዝ ተመልሶ ባሕር ይገባል። ሥዕሉ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን በካራቆሬ ወይም በሸዋ ሮቢት የሚማር የ10 ዓመት ልጅ በየዕለቱ የሚያየው ወንዝ ባሕር አይደርስም። ከደጋው ጫፍ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርዱት ወንዞች የአዋሽ ተፋሰስ ናቸው። አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከአቤ ወደ ባሕር የሚወጣ ወንዝ የለም።

ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚጻፈው ፊልም ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «አዋሽ ዘወትር ወደ አቤ ሲፈስ ሐይቁ ለምን ሞልቶ አይገነፍልም?» የሚለው ነው። ጥያቄው በመጀመሪያው ደቂቃ ይቀርባል፤ መልሱ ግን እስከ መጨረሻው ይቆያል። በመካከል ያሉት ትዕይንቶች ሁሉ ልጁን ወደዚያ መልስ የሚያደርሱ ደረጃዎች ይሆናሉ።

የመክፈቻው ትዕይንት ከቆላው ኑሮ ቢወሰድ ይመረጣል። ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐይ በርትታ፣ ወንዙ አሸዋ ብቻ ሆኖ ሳለ ድንገት ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። የይፋት ልጅ ከዚህ ይጠንቀቅ ዘንድ ገና በሕፃንነቱ ተነግሮታል። ዝናቡ በራሱ ላይ ሳይዘንብ ውኃው ከየት መጣ? ሥዕሉ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲርቅ ከወንዙ በላይ ያለው ገደል፣ ከገደሉም በላይ ጥቁር ደመና የሸፈነው ደጋ ይታያል። በዚህ ስፍራ ተራኪው ዝም ማለት አለበት፤ ሥዕሉ ብቻውን ይናገራልና።

ቀጥሎ የሚመጣው ትነት ነው፤ ጸሐፊዎችም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚሁ ላይ ነው። ትነትን በፈላ ድስት የጀመረ ፊልም ውኃ የሚተነው ሲፈላ ብቻ ነው የሚል አሳብ በልጁ አእምሮ ይተክላል። እንግዲያው መጀመሪያ በገመድ ላይ የተሰጣ እርጥብ ልብስ ይታይ። ልብሱ አልፈላም፤ ሆኖም ደርቋል። ውኃው የት ሄደ? ይህ ከተጠየቀ በኋላ ጀበናው ሊቀርብ ይችላል።

ጀበናው የሚያስፈልገው ለሌላ ጉዳይ ነው። በአማርኛ «እንፋሎት» የምንለው ነጩ፣ በዓይን የሚታየው ነገር ነው። የውኃ ተን ግን አይታይም። ከሚፈላ ጀበና አፍ አጠገብ በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው ትንሽ ባዶ የሚመስል ክፍተት ያያል፤ ነጩ የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው። በክፍተቱ ውስጥ ያለው ተን ነው። ነጩ ደግሞ ተኑ በቀዝቃዛው አየር ተመልሶ ወደ ደቃቅ ጠብታነት የተለወጠበት ነው። ደመናም እንደ ነጩ ነው፤ የጠብታ ክምችት እንጂ ተን አይደለም። በመሆኑም በፊልሙ ጽሑፍ «ተን» እና «እንፋሎት» አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጠበቅ ይገባል።

ታዲያ የማይታየውን እንዴት እንሣለው? ክንፍ አውጥተው ወደ ሰማይ የሚወጡ ሰማያዊ ጠብታዎች የተለመዱ ናቸው፤ እኔ ግን አልመርጣቸውም፤ ልጁ በሜዳ ላይ ጠብታ ሲወጣ አይቶ አያውቅምና። የተሻለው መንገድ በሥዕሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ክብ መስኮት ማሳየት ነው። በመስኮቱ ውስጥ የተራራቁ ጥቃቅን ነጥቦች ይታያሉ፤ ከመስኮቱ ውጭ ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ተራኪውም ነጥቦቹ በእውነተኛ ማጉያ መነጽር እንኳ እንደማይታዩ ይናገራል።

አራተኛው ትዕይንት የይፋትን መልክዓ ምድር በሚገባ ይጠቀማል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ የተርማበር መተላለፊያ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ወደ ላይ የሚገፋ አየር ደመና እስኪሠራ ድረስ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከቆላው 28 ዲግሪ ሆኖ የተነሣ፣ ተኑም ወደ ጠብታ መለወጥ የሚጀምረው 16 ዲግሪ አካባቢ የሆነ አየር 1,500 ሜትር ያህል ሲወጣ ደመና ይሆናል። ይህም ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ፣ ከመተላለፊያው ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። ቁጥሩ ለመምህሩ እንጂ ለልጁ አይደለም። ለልጁ የሚነገረው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

ሥዕል፦ አንዲት ልጅ ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ ትመለከታለች። ተራራው ነጭ ደመና ለብሷል።
ድምፅ (ልጅቱ)፦ «አያ፣ ያ ደመና ምን ይመስላል ከቅርብ?»
ሥዕል፦ ወንድሟ በተርማበር መንገድ ላይ ቆሟል። በዙሪያው ጭጋግ ብቻ ነው፤ ጋቢው ረጥቧል።
ድምፅ (ወንድም)፦ «እኔ ደመና አላየሁም። ጭጋግ ውስጥ ነኝ።»
(ሦስት ሴኮንድ ዝምታ። ሥዕሉ ሁለቱን በአንድነት ያሳያል።)
ድምፅ (ተራኪ)፦ «ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው።»

ያ ዝምታ እንዳይሰረዝ ደጋግሜ አሳስባለሁ። የፊልም ሠሪዎች ጊዜ ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚቆርጡት እርሱን ነው፤ ልጁ ግን የሚያስበው በዚያች ጊዜ ነው። የ5 ደቂቃ ፊልም በሴኮንድ 12 ሥዕል ቢሠራ 3,600 ሥዕል ይጠይቃል፤ ዝም ያለ ትዕይንት ደግሞ አንዱን ሥዕል ይዞ ስለሚቆይ ድካሙን ያቀልላል እንጂ አያበዛም። የትረካውን ርዝመት ለማወቅ ጽሑፉን በሰዓት እየለኩ ለልጅ እንደሚነበብ አድርጎ ጮክ ብሎ ማንበብ ይበቃል። ከእንግሊዝኛ የተመለሰ ትረካ በአማርኛ ሲነበብ ከሥዕሉ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ዝናቡ ከዘነበ በኋላ ስላለው ነገር አጭር ትዕይንት ይበቃል። ከፊሉ በጎርፍ ይወርዳል፤ ከፊሉ በማሽላውና በማሾው ሥር ገብቶ በቅጠል በኩል እንደገና ይተናል፤ ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል። የሰረገውን ለማሳየት ከመሬት በታች ሐይቅ መሣል ስሕተት ነው። በበጋ ደረቁን የወንዝ አሸዋ ቆፍረው ውኃ የሚቀዱ ሰዎች ይሣሉ፤ ውኃው በአሸዋው ፍሬዎች መካከል ተይዞ እንዳለ በዚያው ይታያል።

በመጨረሻ ፊልሙ ወደ አቤ ይመለሳል። ክቡ መስኮት በሐይቁ ላይ ሲያርፍ ነጥቦቹ ሳያቋርጡ ከውኃው ሲነሡ ይታያሉ። ውኃው የሚወጣበት ትልቁ በር ትነት ነው፤ ወንዙ ያመጣው ጨው ግን አይተንም፣ ስለዚህ ሐይቁ ጨዋማ ሆኗል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከአንድ ፈተና መጠበቅ አለበት፤ ክቡን ለመግጠም ሲል ከአቤ ወደ ተርማበር ቀስት መሣል የለበትም። የይፋት ዝናብ፣ በተለይም የበልጉ፣ ብዙው እርጥበቱ የሚመጣው ከሩቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው። ተን በአየር ላይ በአማካይ 9 ቀን ያህል ይቆያል፤ በነዚህም ቀናት ነፋስ ብዙ አገር ያሻግረዋል። ስለዚህ ከአቤ የተነሣው ተን በሥዕሉ ወሰን አልፎ ይሂድ፤ ወደ ይፋትም የሚመጣው በሌላ ወሰን ይግባ። አንዲት ጠብታ ስም ተሰጥቷት ዞራ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ታሪክም በዚሁ ምክንያት አይመከርም።

ፊልሙ ከታየ በኋላ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ኩሬ ይሣልና «ከሁለት ቀን በኋላ ኩሬው ደርቋል፤ ውኃው አሁን ያለበትን ሣሉ» ይበል። ወደ ደመና የሚወጡ ጠብታዎችን የሣለ ልጅ የትነቱን ትዕይንት አልተረዳም። መሬት ውስጥ ብቻ የሣለ ልጅ ስለ ስርገት አውቋል፤ የተሰጣውን ልብስ ግን እንደገና ሊያይ ይገባዋል። በአየሩ ላይ ምንም ሳይሥል «እዚህ አለ፣ አይታይም» ብሎ የጻፈውን ልጅ ግን መምህሩ ወረቀቱ ባዶ ነው ብሎ ዜሮ እንዳይሰጠው ይጠንቀቅ።