ደንብ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይሠራበት ምክንያት

የፈረንሳይ መንግሥት በዲሴምበር 30 ቀን 1947 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣው ትእዛዝ ከጃንዋሪ 1 ቀን ጀምሮ የኤሌክትሪክ ዋጋ ጨመረ። ነገር ግን አዲሱ ዋጋ ከዚያ ቀን በኋላ ቆጣሪው መጀመሪያ ሲነበብ በተገኘው ሒሳብ ሁሉ ላይ እንዲታሰብ ስለ ተደረገ፥ በአሮጌው ዓመት የበራውም መብራት አብሮ ተከፈለበት። ሎሮር የተባለውን ጋዜጣ የሚያሳትመው ማኅበር አቤት አለ። ኮንሴይ ዴታ የተባለው ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በጁን 25 ቀን 1948 ዓ.ም. ደንብ ለሚመጣው ጊዜ ብቻ ይሠራል ብሎ ያንን ክፍል ሻረው። ዋጋውን ያላወቀ ሰው መብራቱን ሊቀንስ አይችልምና፤ ደግሞም ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ወር ያበሩት መብራት ቆጣሪው በተነበበበት ቀን ብቻ ዋጋው ይለያይ ነበር።

ወደ ኋላ መመለስ የሚቻለው ሕግ በግልጥ ሲፈቅድ ነው። ደግሞም በ1925 ዓ.ም. በሮዲዬር ነገር እንደ ተፈረደው፥ ፍርድ ቤት የሠራተኞችን የማዕረግ እድገት የሻረ እንደ ሆነ፥ ሚኒስትሩ የእድገቱን ተራ ካለፈው ቀን ጀምሮ ያስተካክላል፤ ይኸውም ፍርዱን ለመፈጸም በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው።