ከኅዳግ እስከ አንቀጽ
ከባድ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፍ እንዴት ይነበባል?

ሃይላይተር ይዞ ከባድ መጽሐፍ የሚጀምር ተማሪ መጨረሻው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ገጹ ከላይ እስከ ታች ቢጫ ይሆናል። በማግስቱ ሲመለስበት ግን ቢጫው ምንም አይነግረውም። ዓረፍተ ነገሩ ቁም ነገር ያለው ስለመሰለው አቀለመው እንጂ ቁም ነገሩ ምን እንደሆነ የትም አልጻፈም።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ችግር ከጥንት ያውቁታል። ንባብ የዘለቀ ተማሪ ገና መጽሐፉን አወቀ አይባልም። መጻሕፍት ቤት ገብቶ በመምህሩ ፊት ግእዙ ጥቂት በጥቂት ይነበባል፣ በአማርኛ ይተረጎማል፣ ሌላ ፍቺ ካለ ደግሞ «አንድም» ተብሎ ይታከላል። ንባብ ሌላ፣ ትርጓሜ ሌላ ነው። ማስመር ቢበዛ ንባብ ነው፤ በኅዳጉ ላይ መጻፍ ግን ትርጓሜ ይጀምራል።

ነገሩን በአንድ ጽሑፍ ላይ እንሞክረው። ፈረንሳዊው ሚሼል ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ እስር ቤት አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ «ፓኖፕቲኮን» የሚናገር ምዕራፍ አለ። በብዙ አገር የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ያነቡታል፣ ብዙዎቹም ያማርሩበታል። ፓኖፕቲኮን እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያቀረበው የሕንፃ ንድፍ ነው። ክፍሎቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ መሃል ላይ የጠባቂው ግንብ አለ። እያንዳንዱ ክፍል ከውጭም ከውስጥም መስኮት ስላለው ብርሃን ያልፍበታል፤ በውስጡ ያለው ሰውም ከግንቡ በግልጽ ይታያል። የግንቡ መስኮቶች ግን ስለሚጋረዱ እስረኛው ጠባቂውን አያየውም።

የመጀመሪያው ንባብ ለመረዳት ሳይሆን የመንገዱን ካርታ ለማውጣት ነው። ያልገባ ዓረፍተ ነገር ላይ ሳይቆሙ እስከ መጨረሻ መሄድና ምዕራፉን ከፋፍሎ ለየክፍሉ አጭር ስም ማውጣት ይበቃል። የፉኮ ምዕራፍ በግምት አራት ክፍል ይወጣዋል፦ ወረርሽኝ የገባበት ከተማ፤ የሥጋ ደዌ በሽተኛና የወረርሽኝ ከተማ ንጽጽር፤ የቤንታም ሕንፃ፤ በመጨረሻም የክትትሉ ዘዴ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሆስፒታልና ወደ ፋብሪካ መዛመቱ። አራቱ ስሞች ሲደረደሩ አንድ ጥያቄ ይወለዳል፤ ስለ እስር ቤት የሚናገር ሰው ለምን ከወረርሽኝ ጀመረ? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ሁለተኛው ንባብ የሚገባ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል።

በሁለተኛው ንባብ እርሳስ ይነሣል። በየአንቀጹ ጎን መጀመሪያ የሚጻፈው የተናጋሪው ማንነት ነው። ፉኮ የሕንፃውን ጥቅሞች ሲዘረዝር ንድፉን ያደነቀ ይመስላል። ነገር ግን በዚያ ቦታ የሚናገረው በአብዛኛው ቤንታም ነው፤ ፉኮ የእርሱን ሐሳብ ከፍቶ እያሳየን ነው። በኅዳጉ ላይ «ቤ» ወይም «ፉ» ብሎ ያልለየ አንባቢ «ፉኮ ፓኖፕቲኮንን ይደግፋል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቀጥሎ የሚጻፈው አንቀጹ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ምሳሌ፣ ንጽጽር፣ ተቃውሞ፣ መደምደሚያ። የወረርሽኙ ከተማ ጎን «ንጽጽር» ተብሎ ሲጻፍ የቅድሙ ጥያቄ ይመለሳል። በዚያ ከተማ ሰዉን ቤቱ ቆልፎ በየመስኮቱ እየቆጠሩ መቆጣጠር ብዙ ዘብና የሞት ፍርሃት ይጠይቅ ነበር። በቤንታም ሕንፃ ግን ያው ቁጥጥር ያለ ግርግር፣ በዘወትር ቀን፣ በጥቂት ሰው ይከናወናል። ፉኮ ሊያሳየን የፈለገው ይህን ከአንዱ ወደ ሌላው የተደረገ ሽግግር ነው።

የሚያስቸግረው ዓረፍተ ነገር ሲመጣ «አንድም» ጥሩ መሣሪያ ነው። ፉኮ የግንቡ ኃይል የሚታይ፣ ነገር ግን ሊረጋገጥ የማይችል መሆን እንዳለበት ቤንታም ማሰቡን ይነግረናል። በኅዳጉ እንዲህ ይጻፍ፦ አንድም፣ ጠባቂው ዘወትር ከግንቡ አይለይም፤ አንድም፣ ጠባቂው ባይኖርም ግንቡ ሥራውን ይሠራል። ሁለቱንም ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ነው። የመስኮቱ መጋረጃ ነገሩን ይፈታዋል። መጋረጃ ያስፈለገው እስረኛው ጠባቂው መኖር አለመኖሩን እንዳያውቅ ነው። ስለዚህ የሚጸናው ሁለተኛው ነው።

ቁልፍ ቃልም እንዲሁ ትዕግሥት ይፈልጋል። «ዲሲፕሊን» የሚለውን አይተን ወዲያው «ቅጣት» ወይም «ሥነ ምግባር» ብለን ከተረጎምነው እንሳሳታለን። በዚህ መጽሐፍ ቃሉ በጦር ሰፈር፣ በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ የሰውን አካል፣ ጊዜና ቦታ ከፋፍሎ የሚያሠለጥን ዘዴን ያመለክታል። ቃሉ በተገኘበት ሁሉ ገጹን መጻፍ፣ ሦስት አራት ቦታ ካዩ በኋላ ፍቺ መስጠት ይሻላል።

አሁን መጽሐፉ ይዘጋል። ተከፍቶ እያለ የሚጻፍ አንቀጽ የደራሲውን ዓረፍተ ነገር ተከትሎ አንድ ሁለት ቃል እየቀየረ ይሄዳል፤ ይህ የራስ ቃል አይደለም። ተዘግቶ ሲጻፍ ግን ሌላ አደጋ አለ፤ ትዝታ ነገሩን ያቀልለዋል። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦

«ፉኮ እንደሚለው ዘመናዊው ኅብረተሰብ ፓኖፕቲኮን ነው። ጠባቂው ሁልጊዜ ስለሚያየን እንታዘዛለን።»

መጽሐፉ እንደገና ተከፍቶ ረቂቁ ከኅዳጉ ጋር ይመሳከር። ሁለት ስሕተት ይገኝበታል። «ሁልጊዜ ስለሚያየን» የሚለው ቀደም ሲል የጣልነው የመጀመሪያው «አንድም» ነው። «ኅብረተሰቡ ፓኖፕቲኮን ነው» የሚለውም ከጽሑፉ በላይ ይሄዳል፤ ፉኮ ሕንፃው የአንድ የኃይል አሠራር ንድፍ ነው፣ አሠራሩም በየተቋሙ ተዛመተ ይላል። ሲታረም እንዲህ ይሆናል፦

«ፉኮ ቤንታም በነደፈው እስር ቤት ውስጥ አዲስ የቁጥጥር ዘዴ ያያል። እስረኛው ግንቡን ዘወትር ያየዋል፤ በዚያች ሰዓት እየተመለከቱት መሆኑን ግን ማወቅ አይችልም። ስለዚህ እንደሚታይ ቆጥሮ ራሱን በራሱ ይጠብቃል፣ ግንቡ ባዶ ቢሆንም ሥርዓቱ ይቀጥላል። ወረርሽኝ በገባበት ከተማ ብዙ ዘብ የጠየቀው ቁጥጥር እዚህ በትንሽ ጉልበት ይፈጸማል። ፉኮ ይኸው አሠራር ቀስ በቀስ ወደ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ፋብሪካ ገብቷል ይላል።»

እዚህ ውስጥ ከመጽሐፉ የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር የለም፤ ሐሳቡ ግን የፉኮ ስለሆነ ስሙና የገጹ ቁጥር ከአንቀጹ ጋር መቅረት አለባቸው። አንቀጹን መጽሐፉን ላላነበበ ጓደኛ ማንበብም ጥሩ መፈተኛ ነው። «ጠባቂው ከሌለ ለምን ይታዘዛል?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ በአንቀጹ ውስጥ መገኘት አለበት፤ በቃል ማስረዳት ካስፈለገ ግን አንቀጹ ገና አላለቀም።

ከኅዳጉ አንዳንድ «አንድም» ሳይፈታ ይቀራል። ለምሳሌ፣ እስረኞቹ ግንቡ ባዶ መሆኑን አንድ ቀን ቢያውቁስ? ራሳቸውን መጠበቅ ያቆማሉ ወይስ ልማዱ ይዞአቸው ይቀራል? እንዲህ ያለውን ላጲስ አንንካው። የመጀመሪያው አንቀጽ ፉኮን ያስረዳል፤ አንባቢው ራሱ የሚናገርበት ሁለተኛው አንቀጽ የሚጀምረው ከዚህ ነው።