ባንክዎ ደመናውን ይከራይ ወይስ የራሱን ይገንባ?

የአንድ አነስተኛ ባንክ ባለአክሲዮን ነዎት እንበል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የባንኮች ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ሲል፣ የትርፍ ድርሻዎ በእጅዎ ሳይገባ ወደ አክሲዮን ዞሯል። አሁን ደግሞ የቦርዱ ሰብሳቢ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነስተው «ወደ ክላውድ ልንገባ ነው» ቢሉ እጅዎን ከማውጣትዎ በፊት ምን ይጠይቃሉ?

ክላውድ በአማርኛ ደመና ይባል እንጂ ነገሩ ምድር ላይ ያለ ኮምፒዩተር ነው። ልዩነቱ ባንኩ ማሽኑን ሳይሆን የማሽኑን ጉልበት በሚፈልገው መጠንና ሰዓት መውሰዱ ላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ትርጉም መሠረት፣ አንድ አቅራቢ ለማንኛውም ደንበኛ የሚያከራየው የሕዝብ ክላውድ ይባላል። ለአንድ ድርጅት ብቻ የተለየው የግል ነው። ሁለቱ ተገናኝተው መረጃና ሥራ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ደግሞ ቅይጥ ይሆናል።

የመርካቶ ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንደኛው በጋራ ሕንፃ ውስጥ ሱቅ መከራየት፣ ሁለተኛው የራስ መጋዘን መያዝ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይዞ ዕቃ ማመላለስ ነው። ይሁንና ሰርቨር የተደረደረበት ክፍል ሁሉ የግል ክላውድ አይደለም። የግል ክላውድ የሚባለው የማሽኖቹ ጉልበት በሶፍትዌር ተሸንሽኖ፣ የሥራ ክፍሎች አዲስ ሰርቨር ግዢ ሳይጠብቁ የሚፈልጉትን ያህል የሚወስዱበት ሲሆን ነው።

የኪራዩ ሂሳብ

መቶ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ባንክ በምሳሌነት እንውሰድ። ባንኩ የሞባይል አገልግሎቱን ሊያሻሽል ነው፤ ለሙከራ ሃያ ሰርቨር ለሦስት ሳምንት ያስፈልገዋል። ለዚህ ማሽን ቢገዛ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራ ፈትቶ አቧራ ይጠጣል። በሕዝብ ክላውድ ከተከራየ ግን ሥራው ሲያልቅ ያጠፋዋል፤ ሂሳቡም እዚያው ይቆማል። የደንበኛ መረጃ የሌለበት ሙከራ፣ ድረ ገጽና የሠራተኞች ሥልጠና ለዚህ ዓይነቱ ኪራይ የተመቹ ናቸው።

ችግሩ የሚመጣው ኪራዩ ቋሚ ሲሆን ነው። ዋና ዋናዎቹ ዓለም አቀፍ አቅራቢዎች ዋጋቸውን የሚተምኑት በዶላር ነው። ባንኩ በወር 10 ሺ ዶላር ይከፍል ነበር ብንል፣ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር ወጪው 570 ሺ ብር ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ያው ኪራይ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። የባንኩ ገቢ ግን በብር ነው። ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ የሚሠራ ነገርን በሰዓት መከራየት፣ ለዓመታት የሚኖሩበትን ቤት በአልቤርጎ ዋጋ እንደመያዝ ነው።

የግል ክላውድም ቢሆን ከዶላር አያመልጥም። ማሽኑ፣ መለዋወጫውና ፈቃዱ ከውጭ ይመጣል። ጉልበት ለመሸንሸን በሰፊው ያገለገለውን ቪኤምዌርን ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ከገዛ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለው ፈቃድ ሽያጭ ቀርቶ በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ተተክቷል። «አንዴ ገዝተን እንገላገላለን» ይል የነበረ ባንክ ሂሳቡን እንደገና ለመሥራት ተገዷል።

ዋናው መዝገብ የት ይደር?

የደንበኞች ሂሳብ የሚመዘገብበት ኮር ባንኪንግ ግን ከኪራይ ሂሳብ በላይ ነው። የአህጉሪቱ ታላላቅ የሕዝብ ክላውድ ማዕከላት ካሉባቸው ከተሞች መካከል ጆሃንስበርግና ኬፕታውን ይገኙበታል። መዝገቡ እዚያ ካደረ፣ የቦሌ ገንዘብ ከፋይ ቀሪ ሂሳብ ለማየት ከአገር የሚያስወጣውን መስመር ትፈልጋለች።

ያ መስመር ደግሞ ይቋረጣል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በደቡብ አፍሪካ አቅራቢያ የባሕር ውስጥ ገመዶች ተበጥሰው የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ኢንተርኔት ተዳክሟል። መዝገቡ አገር ውስጥ ሆኖ ቅርንጫፎቹ በአገር ውስጥ የግል መስመር ከተያያዙ ግን የውጭው ቢቋረጥም ደመወዝ ይከፈላል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም መረጃ ድንበር የሚሻገርበትን ሁኔታ ስለሚገዛ፣ ጉዳዩ የምርጫ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለእኛ አነስተኛ ባንክ መዝገቡን በግል ክላውድ ማስቀመጥ ይሻላል። ይህ ማለት ሕንፃ ይገንባ ማለት አይደለም። በአይሲቲ ፓርክ የተከፈቱትን መሰል የግል ዳታ ሴንተሮች መብራት፣ ማቀዝቀዣና ጥበቃ ያለው ቦታ ያከራያሉ፤ ባንኩ የራሱን ማሽን ብቻ ይዞ ይገባል።

በሌላ አገር መልሱ ሊለይ ይችላል። የእንግሊዙ ሞንዞ ባንክ ሲቋቋም ሥርዓቱን በአማዞን የሕዝብ ክላውድ ላይ ነው የሠራው። የሚጎትተው አሮጌ ሥርዓት አልነበረውም፤ የማዕከሉ ርቀትና የውጭ ምንዛሪም እንደኛ አላሳሰቡትም።

የሕዝብ ክላውድ በራሱ ደካማ ነው ማለት ግን ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ካፒታል ዋን ከተባለው የአሜሪካ ባንክ የ100 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን መረጃ የተወሰደው፣ በአግባቡ ባልተስተካከለ የመከላከያ ሶፍትዌር በኩል ነው። ተቆጣጣሪው 80 ሚሊዮን ዶላር የቀጣው አከራዩን ሳይሆን ባንኩን ነበር። አከራዩ ሕንፃውን ይጠብቃል፤ የሱቁን በር መቆለፍ የተከራዩ ፋንታ ነው።

ሁለት ዛፍ

«እንግዲያው ቅይጡ ይሻላል» ማለት ይቀናል። ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። የተለመደው ስህተት አንዱን ሥራ ለሁለት መሰንጠቅ ነው፤ የሞባይል አገልግሎቱ ጆሃንስበርግ፣ መዝገቡ አዲስ አበባ ይቀመጣል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ሺ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አለ። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200 ሺ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ 40 ሺኛ ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። አንድ የገንዘብ ዝውውር መዝገቡን 25 ጊዜ በተራ የሚጠይቅ ከሆነ መጠበቂያው ብቻ አንድ ሴኮንድ ይሆናል። እውነተኛው መስመር ዙሪያ ጥምጥም ስለሆነ ከዚህም ይብሳል። ምልክቱ ደግሞ ያደናግራል፤ ማሽኖቹ ሥራ አልበዛባቸውም፣ ደንበኛው ግን «ቆየብኝ» ይላል።

ቅይጡ የሚያዋጣው ሥራው ሳይሰነጠቅ ሲከፋፈል ነው። መዝገቡና ዘወትር የሚጠይቁት አገልግሎቶች በግሉ፣ ሙከራውና ድረ ገጹ በሕዝቡ ይሆናሉ። ሕጉ በፈቀደው መጠን የመዝገቡ ቅጂ በኢንክሪፕሽን ተቆልፎ፣ ቁልፉ ባንኩ ዘንድ ቀርቶ ወደ ሕዝቡ ክላውድ ሊላክ ይችላል። ለዚህ የአገር ውስጥ አቅራቢ ከተገኘ የድንበሩ ጥያቄ ይቀልላል። ቅጂ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ቢሆንም መልሶ ማውጣት እንደሚያስከፍል ግን በውሉ ላይ ይታይ።

በጉባኤው ላይ እንግዲህ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የውጭው መስመር ለሦስት ቀን ቢቋረጥ የትኛው አገልግሎት ይቆማል? ዶላር በእጥፍ ቢወደድ ኪራዩ ከትርፉ ስንት ይወስዳል? ቅጂው መጨረሻ ላይ ተመልሶ ሥራ የጀመረው መቼ ነው፣ ስንት ሰዓትስ ፈጀ? ለሦስተኛው ቀንና ሰዓት ጠቅሶ የሚመልስ ከሌለ፣ ባንኩ ያለው ቅጂ ሳይሆን ተስፋ ነው። ያኔ ደግሞ እጅ የሚወጣው ለማጽደቅ ሳይሆን ለመጠየቅ ነው።