በ20 ሚሊሜትር የጠፋ ሃምሳ ዓመት፦ ብረት በኮንክሪት ውስጥ ለምን ይዝጋል?

ከተሠራ 25 ዓመት በሆነው ፎቅ ቤት ውስጥ፣ ለአየር ክፍት በሆነ መተላለፊያ ሥር ቆመን ወደ ላይ ቀና ብለን እንመልከት እንበል። በአንድ ቦታ የሶሌታው የታችኛው ገጽ ተገምሶ ወድቋል፤ በተገለጠው ሥፍራም የዛገ ፌሮ ብረት እንደ ጎድን አጥንት ይታያል። ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ ግን ያው ሶሌታ ምንም ሳይነካው ጤነኛ ሆኖ ተቀምጧል። ሁለቱም ቦታዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ኮንክሪት ተሞልተዋል፤ እርጥበቱም ሙቀቱም እኩል ደርሷቸዋል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ማስመሪያ አንሥተን ብንለካ በጤነኛው ቦታ ብረቱ ከኮንክሪቱ ገጽ 30 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ እናገኘዋለን፤ በተገመሰው ቦታ ግን 10 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ይህ ከኮንክሪቱ ገጽ አንሥቶ በቅርብ እስካለው ብረት ድረስ ያለው ውፍረት «ሽፋን» ይባላል።

ብዙዎቻችን ሽፋኑ ብረቱን የሚጠብቀው ውኃ እንዳይነካው በመከልከል ነው ብለን እናስባለን። ይህ አስተሳሰብ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ኮንክሪት በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ውኃም ኦክስጅንም ቀስ እያሉ ወደ ውስጡ ይገባሉ። ዋናው ጥበቃ ኬሚካዊ ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል፤ በዚህም ምክንያት በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውኃ ፒኤቹ ከ12.5 በላይ የሆነ ጠንካራ ቤዝ ይሆናል። በእንዲህ ዓይነቱ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ብረት ውፍረቱ በናኖሜትር የሚለካ ስስ የኦክሳይድ ልባስ ይለብሳል። ልባሱ እስካለ ድረስ ብረቱ እርጥበት ቢያገኘውም እንኳ የሚዝገው እዚህ ግባ በማይባል መጠን ነው።

ይህን ልባስ የሚያፈርሰው የምንተነፍሰው አየር ነው። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም በቀዳዳዎቹ እየገባ ከካልሲየም ሃይድሮክሳይዱ ጋር ይዋሐዳል፦

Ca(OH)₂ + CO₂ → CaCO₃ + H₂O

ካርቦኔሽን የሚባለው ይህ ሂደት የውኃውን ፒኤች ከ9 በታች ያወርደዋል፤ በዚህ ጊዜ ልባሱ መቆም አይችልም። የሚያስገርመው ኮንክሪቱ ራሱ በዚህ አለመዳከሙ ነው፤ እንዲያውም ገጹ በመጠኑ ይጠነክራል። ስለዚህ ገጹን በመዶሻ መትቶ ጥንካሬውን ያደነቀ ሰው ስለ ብረቱ ደኅንነት ምንም አላወቀም ማለት ነው።

ካርቦኔሽን ከገጹ ተነሥቶ እንደ ግንባር ጦር ወደ ውስጥ ይጓዛል፤ ነገር ግን እየዘገየ ይሄዳል። አዲስ የሚገባው ጋዝ ቀድሞ የተለወጠውን ክፍል ሁሉ አቋርጦ ማለፍ ስላለበት መንገዱ ከዓመት ዓመት ይረዝምበታል። በዚህም ምክንያት ጥልቀቱ የሚያድገው ከጊዜው ካሬ ሥር ጋር ነው፦

x = k√t

እዚህ ላይ x በሚሊሜትር የተለካው ጥልቀት፣ t በዓመት የተቆጠረው ጊዜ ሲሆን k ደግሞ እንደ ኮንክሪቱ ጥራትና እንደ አካባቢው እርጥበት የሚለያይ ቁጥር ነው። ውኃ የበዛበት ወይም ከተሞላ በኋላ ውኃ ሳይጠጣ የደረቀ ኮንክሪት k ከፍ ይላል።

አሁን ወደ መተላለፊያችን እንመለስ። ከሶሌታው አዲስ የተሰበረ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የምናውቀውን ፌኖልፍታሊን እንረጫለን። ቤዝነቱን ያላጣው ክፍል ደማቅ ሐምራዊ ሲሆን ካርቦኔሽን የደረሰበት ግን ቀለሙን አይለውጥም። ቀለም አልባው ክፍል ከገጹ 20 ሚሊሜትር ጥልቀት ኖሮት አገኘነው እንበል። ዕድሜው 25 ዓመት ስለሆነ 20 ለ√25 ሲካፈል k = 4 ይሆናል። እንግዲህ ግንባሩ 10 ሚሊሜትር ላይ ካለው ብረት ለመድረስ የወሰደበት ጊዜ (10/4)² ማለትም 6 ዓመት ከሩብ ነው። ወደ 30 ሚሊሜትሩ ብረት የሚደርሰው ግን ሕንፃው ከተሠራ ከ56 ዓመት በኋላ ነው። ሽፋኑ ወደ ሲሶ ሲወርድ የጥበቃው ዘመን ወደ አንድ ዘጠነኛ ወረደ፤ 20 ሚሊሜትር ሃምሳ ዓመት ወሰደ።

ግንባሩ ብረቱ ጋ ደረሰ ማለት ግን በዚያው ቀን ዝገት ፈጥኖ ይበላዋል ማለት አይደለም፤ በቂ ውኃ ያስፈልጋል። ቀዳዳዎቹ በውኃ ሲሞሉ ጋዙ ለመግባት ይቸገራል፤ በጣም ሲደርቁ ደግሞ ዝገቱ ይቆማል። የአዲስ አበባ አየር ሁለቱን ተራ በተራ ያቀርባል፤ በበጋ ጋዙ ይገባል፣ በክረምት ብረቱ ይርሳል። በተለይ በሶሌታው ጫፍ ሥር ውኃውን የሚያቋርጥ ትንሽ ቦይ ካልተሠራ የዝናቡ ውኃ በታችኛው ገጽ ላይ ተከትሎ ይገባል። በደረቅ መኝታ ቤት ውስጥ ያለ ብረት ካርቦኔሽን ካለፈው በኋላም ለብዙ ዓመታት ብዙም ሳይዝግ ሊቆይ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚሆን ቦታ ይይዛል። ብረቱ በኮንክሪት ታቅፎ ስለተያዘ የሚያብጥበት ሥፍራ የለውም፤ ዙሪያውን ይገፋል። ኮንክሪት ደግሞ ሲጫኑት እንጂ ሲስቡት ጉልበት የለውም። በቀጭን ሽፋን ሥር ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ ብረት መዛጉ ብቻ ሽፋኑን ለመሰንጠቅ ይበቃል። ስንጥቁ የብረቱን መስመር ተከትሎ መሄዱና ቡናማ እድፍ ማውጣቱ ምልክቱ ነው። ቆይቶም ስንጥቁ ለውኃ በር ይከፍታል፤ ሽፋኑ ከብረቱ ይላቀቃል፤ በመጨረሻም ከሥር በሚያልፍ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በሁለት ቢሞች መካከል በተዘረጋ ሶሌታ መኻል ላይ ሸክሙን በዋናነት የሚይዙት የሥር ብረቶች በመሆናቸው፣ እየሳሳ የሚሄደው የሶሌታው ጉልበት ነው።

በሥዕሉ ላይ 30 ተብሎ የተጻፈው በሥራው ቦታ 10 የሚሆነው እንዴት ነው? ፌራዮው ብረቱን በካሳፎርማው ላይ ይዘረጋዋል፤ ከሥሩም ስፔሰር የሚባለውን የሲሚንቶ ታኮ በየርቀቱ ማስቀመጥ አለበት። ስፔሰር ሲጠፋ ስባሪ ድንጋይ ወይም ቁራጭ እንጨት ይተካዋል፤ ኮንክሪት የሚሞሉት ሠራተኞች ሲረግጡት ደግሞ ድንጋዩ ይንሸራተትና ብረቱ ይጎብጣል። በቢምና በዓምድ ላይ ሌላ ስሕተት አለ፤ ሽፋኑ ከዋናው ብረት ይለካና በውጭ በኩል የሚዞረው ስታፋ ይረሳል። ስታፋው 8 ሚሊሜትር ከሆነ 8 ሚሊሜትር ሽፋን ጠፋ ማለት ነው። ዩሮኮድ 2 ለ50 ዓመት አገልግሎት ለሚነደፍ፣ ከዝናብ ለተጠለለ የውጭ አካል ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ሽፋን ይመክራል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ የሥራ ጉድለት 10 ሚሊሜትር ስለሚጨምርበት ሥዕሉ ላይ የሚሰፍረው 35 ነው። ከዚህ አልፎ ሽፋኑን ያለ ልክ ማወፈር ግን ሌላ ጉዳት አለው፤ የሥሩ ብረት ሽቅብ በወጣ ቁጥር የሶሌታው የመሸከም አቅም ይቀንሳል።

የተገመሰውን ቦታ በልስን መሸፈን፣ በእኛ አስተያየት፣ ከምንም ነገር የከፋ ነው፤ ምልክቱን ደብቆ በሽታውን ይተወዋልና። በትክክል የሚጠግን ሰው ካርቦኔሽን ያገኘውን ኮንክሪት ከብረቱ ጀርባ ጭምር ጣት እስኪያስገባ ድረስ ይፈለፍላል፤ ብረቱን እስኪያንጸባርቅ ያጸዳል፤ ከዚያም ቦታውን በሲሚንቶ ሞርታር ይሞላል። ብረቱ ብዙ ተበልቶ ከሆነ መሐንዲስ አስልቶ ተጨማሪ ብረት ያስገባል። ከጥገናው በኋላም በዙሪያው ያለውን አሮጌ ኮንክሪት በየጊዜው በትንሽ መዶሻ መታ መታ ማድረግ ያሻል፤ አዲሱ ሞርታር በውስጡ ያለውን ብረት ሲጠብቅ ከድንበሩ ማዶ ያለው ብረት ይበልጥ እንዲዝግ ሊያደርግ ይችላል። የተላቀቀ ሽፋን ሲመቱት እንደ ባዶ ሣጥን ይጮኻል።