ሽፈራውን የመረጠ ተማሪ ምን ይጠይቅ?

በትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር አዳራሽ ገብቶ ጠረጴዛዎቹን የዞረ ሰው ከዓመት ዓመት የሚመላለሱ ሥራዎች ያጋጥሙታል። ባዮጋዝ አለ፣ የፀሐይ ምድጃ አለ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ የጠብታ መስኖ አለ፣ በሽፈራው ፍሬ ውሃ ማጥራትም አይጠፋም። ሁሉም ጠቃሚ ናቸው። ዳኞቹ ግን በእጃቸው ባለው ወረቀት ላይ ነጥብ የሚሰጡት በሦስት ነገሮች ነው፤ በሥራው አዲስነት፣ በአሠራሩ ዘዴ እና ለማኅበረሰቡ በሚሰጠው ጥቅም። እነዚህ ሥራዎች በጥቅም ጥሩ ነጥብ ያገኙና በአዲስነት ይወድቃሉ። በዘዴው በኩል ደግሞ ዳኛው ብዙ ጊዜ የሚያርመው ነገር አያገኝም፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ትዕይንት እንጂ ሙከራ አይደለምና።

ርዕስ መምረጥን የሚያከብደው ሦስቱ መመዘኛዎች ተማሪውን ወደየራሳቸው መጎተታቸው ነው። አዲስ ነገር ብቻ የሚፈልግ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሊለካ የማይችል ሐሳብ ይዞ ይቀራል። ጥቅም ብቻ የሚያይ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ይደግማል። ዘዴው እንዲያምርለት ብቻ የሚጨነቅ ደግሞ ባቄላ በጨለማና በብርሃን አብቅሎ ቁመቱን ይለካል፤ ልኬቱ ንጹሕ ይሆናል፣ መልሱን የሚጠብቅ ሰው ግን የለም። በእኔ እምነት ከዚህ ጉተታ የሚያወጣው መንገድ የታወቀ ነገር ይዞ ጥያቄውን ደጋግሞ ማጥበብ ነው። ይህን ለማሳየት ከሁሉ ይበልጥ የተደጋገመውን ሽፈራውን ልውሰድ።

ሽፈራው በኮንሶና በአርባ ምንጭ አካባቢ ከየቤቱ ደጃፍ የማይጠፋ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ምግብ ነው። የፍሬው ሥራ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቅርፊቱ ተልጦ የተፈጨ ፍሬ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጭቃው ተሰባስቦ ወደ ታች ይወርዳል። ምክንያቱ በፍሬው ውስጥ ያለ፣ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ፕሮቲን ነው። ደቃቅ የሸክላ አፈር ቅንጣቶች አሉታዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ውሃው ለቀናት ቢቀመጥም የማይጠራው ለዚህ ነው። ፕሮቲኑ በመካከላቸው ገብቶ ያያይዛቸዋል፤ ተያይዘው ሲከብዱም ይዘቅጣሉ። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያን የተባሉት ተመራማሪ በሱዳን ሴቶች የዓባይን ድፍርስ ውሃ በየቤታቸው እንዴት እንደሚያጠሩ አጥንተው፣ ስለ ሽፈራው ዝርያዎች ፍሬ ከ1970ዎቹና 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጽፈዋል። ያ ደለል ከኢትዮጵያ ደጋ በክረምት ታጥቦ የሚወርደው አፈር መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለዚህ «ሽፈራው ውሃ ያጠራል ወይ?» ብሎ የሚነሳ ተማሪ ከአርባ ዓመት በላይ የተመለሰ ጥያቄ ይዞ ነው የመጣው። «ስንት ግራም ይበቃል?» የሚለው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ብዙ ተሠርቶበታል። ከዚህ በኋላ መጽሐፍ ዘግቶ ፍሬውን የሚጠቀምበትን ወይም ሊጠቀምበት የሚችለውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ፍሬው የሚለቀመው መቼ ነው? ወንዙ የሚደፈርሰውስ መቼ ነው? ሁለቱ ወቅቶች ካልገጠሙ ፍሬው መቀመጥ አለበት ማለት ነው። የሚቀመጠው እንደ ፍሬ ነው ወይስ ተፈጭቶ? ውሃ የምትቀዳ እናት ማለዳ ማለዳ ቅርፊት እየላጠች ከመውቀጥ ይልቅ አንድ ጊዜ ወቅጣ ዱቄቱን በዕቃ ብታስቀምጥ ድካሟ ይቀንሳል። ዱቄቱ ግን ከወራት በኋላም ይሠራል?

ይኸው ርዕሱ ወጣ። «ተፈጭቶ የቆየ የሽፈራው ዱቄት የአካባቢያችንን የወንዝ ውሃ የማጥራት ኃይሉ በስንት ሳምንት ይቀንሳል?» ስለ ዱቄት አቀማመጥ በውጭ አገር የተሠሩ ጥናቶች አሉ፤ በብዛት የተጠኑት ግን በእስያ የሚበቅለው ሌላው የሽፈራው ዝርያ ላይ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚበቅለው ዝርያ ቅጠሉም ፍሬውም ከዚያ ይለያል። ተማሪው ያንን ሥራ አንብቦ «የእኔ ልዩነት ዝርያው፣ ውሃውና በቤት ውስጥ ያለው አቀማመጥ ነው» ብሎ ለዳኛው በግልጽ ቢናገር የአዲስነቱን ነጥብ ያገኛል። በዚህ ደረጃ ዳኛ የሚፈልገው ዓለም ያላየውን ነገር አይደለም፤ ተማሪው የቀደመው ሥራ የት ላይ እንደቆመ ማወቁንና ከዚያ አንድ እርምጃ መራመዱን ነው።

አሁን ወደ ዘዴው እንምጣ። ነጥብ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ነው። ወደ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው አሠራር ዛሬ ፈጭቶ መሞከር፣ ከወር በኋላ እንደገና መሞከር፣ ከሁለት ወር በኋላም መድገም ነው። ይህ ስህተት ነው። የወንዙ ውሃ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ዝናብ ሲጥል ይደፈርሳል፣ ሲያባራ ይጠራል። ውጤቱ ከተለያየ ልዩነቱን ያመጣው ዱቄቱ ይሁን ውሃው መለየት አይቻልም። መፍትሔው ነገሩን መገልበጥ ነው። ፍሬው በአንድ ቀን ከአንድ ቦታ ይለቀምና ይቀመጣል። ከፍሬው ጥቂቱ ከመፈተኛው ቀን 12 ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ጥቂቱ 8 ሳምንት ሲቀረው፣ ጥቂቱ 4 ሳምንት ሲቀረው፣ የመጨረሻው ደግሞ በዚያው ቀን ጠዋት ይፈጫል። ሁሉም በአንድ ቀን፣ ከአንድ በርሜል በተቀዳ ውሃ ይፈተናሉ። ፍሬዎቹ ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ ውሃው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በዱቄትነት በቆዩበት ጊዜ ብቻ ነው።

ለፈተናው አንድ ሊትር የሚይዙ አምስት አንድ ዓይነት ግልጽ ዕቃዎች ይበቃሉ። አራቱ ለአራቱ ዱቄቶች ናቸው፤ አምስተኛው ምንም አይጨመርበትም። ይህ አምስተኛው ከሌለ ሥራው ዋጋ የለውም፤ ጭቃ በራሱም ጊዜ ትንሽ ይዘቅጣልና የፍሬው ድርሻ የሚታወቀው ባዶውን በማነጻጸር ነው። ዱቄቱን ለመመጠን በጣም ረቂቅ ሚዛን አያስፈልግም። ሁለት ግራም ዱቄት በውሃ ይበጠበጥና ጠቅላላው 200 ሚሊ ሊትር እንዲሆን ተደርጎ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ዱቄት ይወክላል። በመርፌ ሲሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር ቢጨመር ለአንድ ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ግራም ደረሰ ማለት ነው። ብጥብጡ በዚያው ዕለት መጠቀም አለበት።

ከዋናው ፈተና በፊት ግን በአዲስ ዱቄት ብቻ 50፣ 100፣ 150 እና 200 ሚሊ ግራም እየሞከሩ ለዚያ ውሃ የሚስማማውን መጠን ማግኘት ያስፈልጋል። ሲበዛ የተሻለ ይሆናል ብሎ ማሰብ ያሳስታል፤ ከልክ ያለፈ ዱቄት ቅንጣቶቹን በአዎንታዊ ሙል ይሸፍናቸውና እንደገና እንዲገፋፉ ያደርጋቸዋል፣ ውሃውም መልሶ ይደፈርሳል። መጠኑ ከተገኘ በኋላ ሁሉም ዕቃዎች እኩል ይማሰላሉ፤ መጀመሪያ ለአንድ ደቂቃ ፈጥኖ፣ ቀጥሎ ለአሥር ደቂቃ በዝግታ። ከዚያም ሳይነኩ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣሉ። ባዶው ዕቃም መማሰል አለበት።

ጥራቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት ረጅም ግልጽ ቱቦ ይበቃዋል። ከታች በነጭ ላይ ጥቁር መስቀል ይሳልና ከጎኑ በሴንቲ ሜትር ይመለካከታል። ከላይ የጠራው ውሃ አተላው ሳይናወጥ ተቀድቶ ቀስ እያለ ይፈሳል፤ መስቀሉ ከዓይን የሚጠፋበት ከፍታ ይጻፋል። ከፍታው በበለጠ ቁጥር ውሃው የጠራ ነው። ዓይን ግን የሚፈልገውን ያያል። ስለዚህ ከፍታውን የሚያነበው ተማሪ ዕቃው የየትኛው ዱቄት እንደሆነ ሳያውቅ ቢያነብ፣ ምልክቱም ከዕቃው በታች ቢለጠፍ ይመረጣል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ወጪ የለውም፤ ዳኛ ፊት ግን ብዙ ይናገራል።

ሙከራው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ለምን እንደሆነ በምሳሌ እንየው። አዲሱ ዱቄት በሦስቱ ድግግሞሽ 40፣ 42 እና 39 ሴንቲ ሜትር፣ የ12 ሳምንቱ ደግሞ 38፣ 43 እና 40 ሰጠ እንበል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ «ቀንሷል» ማለት አይቻልም። የ12 ሳምንቱ 22፣ 25 እና 21 ቢሰጥ ግን ልዩነቱ ከድግግሞሽ መዋዠቅ በላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የለካ ተማሪ የትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለ ሊያውቅ አይችልም። ደስ የሚለው ደግሞ ሁለቱም መልሶች ጠቃሚ መሆናቸው ነው። ኃይሉ ካልቀነሰ ቤተሰቡ አንድ ጊዜ ወቅጦ ማስቀመጥ ይችላል፤ ከቀነሰ ፍሬውን እንዳለ ማስቀመጥና በየጊዜው መውቀጥ ግድ ነው። ርዕስ ሲመረጥ ይህን መጠየቅ እወዳለሁ፤ መልሱ «አይ» ቢሆን እንኳ የሆነ ሰው የሚያደርገውን ይለውጣል?

ሊዘለል የማይገባው ወሰን አለ። የጠራ ውሃ የሚጠጣ ውሃ ማለት አይደለም። ሽፈራው ከጭቃው ጋር ብዙ ጀርሞችን ይዞ ይወርዳል፤ ሁሉንም ግን አያስወግድም። ከፍሬው የሚቀረው ቅሪት ራሱ ለተረፉት ጀርሞች ምግብ ስለሚሆን ውሃው ቢቀመጥ ይበላሻል። የሚጠጣ ከሆነ በዚያው ቀን መፍላት ወይም በክሎሪን መታከም አለበት። ተማሪው ፖስተሩ ላይ «ንጹሕ የመጠጥ ውሃ» ብሎ ከጻፈ ያልለካውን ነገር ተናግሯል፤ የለካው ጥራትን ብቻ ነው። ባክቴሪያ በቤት ውስጥ አሳድጎ ለመቁጠር መሞከርም አይገባም። ከብዙ አገሮች የተውጣጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየዓመቱ አሜሪካ ውስጥ የሚወዳደሩበት አይሴፍ የተባለው ውድድር ይህን በደንቡ ከልክሏል። በዚያው ውድድር ለሳይንስ ሥራዎች ከሚሰጠው 100 ነጥብ 25ቱ የሚገኘው ዳኛው ተማሪውን ፊት ለፊት ሲያነጋግር ነው፤ የሥራውን ወሰን አስተካክሎ የሚያውቅ ተማሪ የሚለየውም እዚያ ላይ ነው።

የቀረው የቀን መቁጠሪያ ነው። ውድድሩ በግንቦት ከሆነና ፈተናው በሚያዝያ አጋማሽ ከተያዘ፣ የመጀመሪያው ዱቄት በጥር መጨረሻ ገደማ መፈጨት አለበት። ሚያዝያ ለኮንሶና ለጋሞ የበልግ ዝናብ ወር ስለሆነ ድፍርስ ውሃም አይታጣም። ጥር ያለፈበት ተማሪ የ12 ሳምንቱን ትቶ በ2፣ በ4 እና በ8 ሳምንት ሊሠራ ይችላል፤ ፖስተሩ ላይ ግን ከ8 ሳምንት በላይ ስላለው አንዳች ነገር መጻፍ አይችልም።