የመጽሐፍ የሽፋን ዋጋ፤ ትርፉ የሚጠፋው በአደማመሩ ነው

ፉሪ የሚኖሩ አንድ ደራሲ መጽሐፋቸውን በራሳቸው ገንዘብ ሊያሳትሙ ተነስተዋል እንበል። በአገራችን ደራሲው ራሱ አሳታሚ ሆኖ ኪሳራውን ብቻውን የሚሸከምበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ደራሲው ከማተሚያ ቤቱ ፕሮፎርማ እንደተቀበሉ የሚጨነቁት በጀርባ ሽፋኑ ላይ በሚጻፈው ዋጋ ነው። መልሱ ቀላል ይመስላል፤ የኅትመት ወጪ፣ የአከፋፋይ ቅናሽና የደራሲው ትርፍ ይደመራል፤ አለቀ። ነገር ግን ብዙዎች የሚከስሩት እዚሁ ድምር ላይ ነው።

ለስሌት የሚመቹ ቁጥሮች እንውሰድ። መጽሐፉ 240 ገጽ ነው፤ 2,000 ቅጂ ይታተማል። ማተሚያ ቤቱ 300,000 ብር ጠየቀ። ለአርትዖት፣ ለገጽ ቅንብርና ለሽፋን ሥዕል 40,000 ብር፣ ለጭነትና ለማስታወቂያ 20,000 ብር ወጣ። ድምሩ 360,000 ብር ነው፤ ለ2,000 ሲካፈል አንዱ መጽሐፍ 180 ብር ፈጀ ማለት ነው።

ደራሲው በእያንዳንዱ 60 ብር ማትረፍ ይሻሉ፤ 240 ብር ሆነ። አከፋፋዩ ደግሞ 35 በመቶ ይፈልጋል። ደራሲው በ240 ብር ላይ 35 በመቶ ይጨምሩና 324 ያገኛሉ፤ አጠጋግተው 325 ብር ያስጽፋሉ። 2,000 መጽሐፍ ሲሸጥ 120,000 ብር እንደሚያተርፉም ይተማመናሉ።

ስሕተቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አከፋፋዩ 35 በመቶውን የሚያሰላው ከደራሲው ወጪ ሳይሆን ከሽፋኑ ዋጋ ነው። ከ325 ብር ላይ 113 ብር ከ75 ሳንቲም ሲወስድ ለደራሲው የሚተርፈው 211 ብር ከ25 ሳንቲም ነው እንጂ 240 አይደለም። ሁለተኛ፣ የታተመው ሁሉ አይሸጥም። ለወዳጅ የሚሰጥ፣ በጭነት የሚበላሽ፣ ከመደብር የሚመለስም አለ። 200 ቅጂ እንዲህ ቢቀር ገንዘብ የሚመጣው ከ1,800 ብቻ ነው። 211.25 በ1,800 ሲባዛ 380,250 ብር ይሆናል። ወጪው ሲቀነስ ትርፉ 20,250 ብር ብቻ ነው፤ መቶ ሺሕ ብር ያህል በወረቀት ላይ ቀረ።

ትክክለኛው መንገድ ከኋላ ይነሣል። በመጀመሪያ 360,000 ብሩን ይሸጣል ተብሎ ለሚታመነው 1,800 ቅጂ ያካፍሉ፤ 200 ብር ይመጣል። የደራሲውን 60 ብር ሲጨምሩ 260 ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከሽፋኑ ዋጋ 65 በመቶ መሆን ስላለበት 260ን ለ0.65 ያካፍሉ፤ 400 ብር። ሒሳቡን እንፈትሸው፤ ከ400 ብር አከፋፋዩ 140 ይወስዳል፣ ደራሲው 260 ይቀበላሉ። 1,800 ቅጂ ሲሸጥ ትርፋቸው 108,000 ብር ነው። ወጪያቸውን ለመመለስም 1,385 መጽሐፍ መሸጥ ይበቃቸዋል፤ በ325 ብር ግን 1,705 ያስፈልጋቸው ነበር።

አከፋፋዩ 140 ብሩን ብቻውን አይበላም። ከዚያው ለመደብሩና በለገሃርና በአራት ኪሎ ለሚዞረው አዟሪ ያካፍላል። ስለዚህ በቅናሹ ከመከራከር በፊት ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ መጽሐፉ ሲሸጥ ብለው ይጠይቁ። እጅ በእጅ ለሚከፍል ትንሽ መጨመር ከስድስት ወር ጥበቃ ይሻል ይሆናል።

ምክንያቱ ወረቀት ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ወረቀት ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ በአሮጌው ዋጋ ሸጦ ብሩን ዘግይቶ የተቀበለ ሰው በዚያው ገንዘብ ያንኑ ያህል ቅጂ ዳግመኛ ማሳተም አይችልም። ስለሆነም ዋጋው ሽፋን ላይ ከመታተሙ በፊት ፕሮፎርማውን ማሳደስ ይገባል።

400 ብር ለአንባቢው ፍትሐዊ ነው ወይ? ተመሳሳይ ገጽ ያላቸውን አዳዲስ መጻሕፍት አዟሪው እጅ ላይ ይመልከቱ። የእርስዎ እጅግ ከራቀ የራስዎን 60 ብር ከመቁረጥዎ በፊት ወጪውን ያሳንሱ። መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ እየሆነ በሚታጠፍ ወረቀት ይታተማል፤ 240 ገጽ በልክ 15 እጥፍ ነው። 250 ገጽ ቢሆን ግን ለ10 ገጽ ተጨማሪ ወረቀት ይከፈላል። መጽሐፉንም ከማተሚያ ቤት ፉሪ ድረስ አስጭኖ እንደገና ወደ መሐል ከተማ ከመመለስ በቀጥታ አከፋፋዩ መጋዘን ማራገፍ አንድ ጭነት ያድናል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ዋጋው አሁንም ገበያው የማይሸከመው ከሆነ፣ ችግሩ ዋጋው ላይ ሳይሆን 2,000 በሚለው ቁጥር ላይ ሊሆን ይችላል። ቅጂ በበዛ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይረክሳል ቢባልም፣ አልጋ ሥር የተከመረ መጽሐፍ ርካሽ አይደለም።